የአሰሪ ሪቪው ምንድን ነው? ባልደረባን ሳያስጠረጥሩስ እንዴት ይጻፋል?

አንድ ሰው የሠራበትን ድርጅት ደጉንም ክፉውንም ጽፎ፣ ኮከብ ሰጥቶ ለቀጣዩ ሥራ ፈላጊ በሥራ ድረ ገጽ ላይ ሲያኖር የአሰሪ ሪቪው ይባላል። እንደ ግላስዶር ባሉ ገጾች ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጣል፤ ጥሩ ጎንና መጥፎ ጎን ለየብቻ ይጻፋል። የጸሐፊው ስም አይወጣም። የሥራ መደቡና ከተማው ግን ከሞላቸው ይታያሉ።

ስም አልወጣም ማለት አልታወቀም ማለት አይደለም። በተለይ ደብረ ብርሃን ላይ። ማን መቼ እንደለቀቀ፣ ከየትኛው አለቃ ጋር እንደተጣላ፣ የፋብሪካው ሰርቪስ ጠባሴ ሳይደርስ ተወርቶ ያልቃል።

ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ ከአንድ ፋብሪካ ለቃ እንዲህ ብላ ጽፋ አሳየችኝ፦

«ጥራት ቁጥጥር ነበርኩ። መጋቢት ላይ ነፍሰ ጡር የሆነች የክፍላችን ልጅ ሌሊት ፈረቃ ተመደበች። ስትለምነው አለቃችን ‹ካልቻልሽ ውጪ› አላት። ለእገሌ ሆቴል የሄደው ዕቃ ጉድለት እያለበት ፈርሙ ተባልን። የኦቨርታይም ክፍያም ሁለት ወር ዘገየ።»

ሁሉም እውነት ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያሉት አምስት ሰዎች ናቸው። ከአምስቱ ነፍሰ ጡር የነበረችው አንዷ ብቻ ናት፤ ስሟን መጻፍ እንኳ አያስፈልግም። አለቃው ያን ሲናገር አጠገባቸው የነበሩት ደግሞ ሁለት ናቸው፤ የአክስቴ ልጅና አሁንም እዚያው የምትሠራ ጓደኛዋ። የአክስቴ ልጅ ወጥታለች፣ ማንም ምንም አያደርጋትም። ጥርጣሬው የሚያርፈው እዚያ በቀረችው ላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ይህንን ነው። ራሱን ለመደበቅ ይጨነቃል። ራሱን በደንብ በደበቀ ቁጥር ግን ዕዳው ወደ ሌላ ሰው ይዞራል። ስለዚህ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ይዛችሁ «ይህን ሊያውቅ የሚችለው ስንት ሰው ነው? ከእነሱስ እዚያው የቀረው ማን ነው?» ብላችሁ ቁጠሩ። መልሱ ሁለት ወይም ሦስት ከሆነ ይሰረዝ።

የነፍሰ ጡሯ ነገር ቀላል ስለሆነ አይደለም የሚሰረዘው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ይከለክላል። ይህ ራሷ ከፈለገች ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ የሚቀርብ አቤቱታ ነው። ታሪኩ የእሷ ነው፤ ሌላ ሰው ኮከብ ሊሰጥበት አይገባም።

የሆቴሉ ዓረፍተ ነገርም ተሰረዘ፣ በሌላ ምክንያት። የደንበኛ ስም፣ የትዕዛዝ ብዛት፣ ዋጋ፣ የምርት አሠራር፣ እነዚህ የድርጅቱ ምስጢር ናቸው። ስትቀጠሩ የፈረማችሁት ውል ውስጥም ምስጢር ስለመጠበቅ የሚል አንቀጽ ሊኖር ይችላልና አውጥታችሁ አንብቡት። እኔ የምለይበት መንገድ አጭር ነው፤ ነገሩ የሚጠቅመው ሥራ ፈላጊን ነው ወይስ ተፎካካሪን? ሆቴሉ ማን እንደሆነ ማወቅ ለሥራ ፈላጊ ምንም አይፈይድለትም።

ኦቨርታይሙ ቀረ። እሱ የራሷ ነው፣ ብዙ ሰውም ደርሶበታል። የክፍያው ስሌትም ምስጢር አይደለም፤ እዚያው አዋጅ ላይ ተጽፏል። በሥራ ቀን፣ ቀን ላይ ከሆነ የሰዓቱ ደመወዝ በ1.5 ይባዛል፤ ሌሊት ከሆነ በ1.75። እንዲህ አድርገን አስተካከልነው፦

«ምርት አካባቢ ከአንድ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ደመወዝ በሰዓቱ ይገባል፣ ሰርቪስ አለ። ኦቨርታይም ግን ይዘገያል፤ የእኔ ሁለት ወር ቆይቷል። ስትገቡ መቼ እንደሚከፈል በጽሑፍ ጠይቁ።»

«ጥራት ቁጥጥር» የሚለው «ምርት አካባቢ» ሆነ። ወሩ ጠፋ። «እኛ» የሚለው «እኔ» ሆነ፤ ምክንያቱም «እኛ» ሲባል ሌላው ሰው ሳይጠየቅ ምስክር ይሆናል። ጥሩ ጎኑም ገባ፣ እውነት ስለሆነ። የመደብ ሳጥኑን ባዶ ተወችው።

ጉግል ካርታ ላይ ልትለጥፈው አስባ ነበር። እዚያ ግን ከአስተያየቱ ጋር የፕሮፋይል ስም ይወጣል፤ የእሷ ደግሞ ሙሉ ስሟ ከነፎቶዋ ነው። የደመወዝ ወረቀቷን ፎቶ ልታያይዝም ነበር፤ የሠራተኛ መለያ ቁጥሯ እላዩ ላይ መኖሩን ያየሁት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ክሊራንስ ጨርሳ የሥራ ልምድ ማስረጃዋን ተቀበለች። ከዚያ ሌሎች ሰዎችም እስኪለቁ ሁለት ወር ያህል ቆየችና በራሷ ስልክ ለጠፈችው። ሰርቪስ ውስጥ ተነበበ አሉ። ማን ጻፈው ሲባል የአሥር ሰው ስም ተጠርቶ፣ ወሬው ወደ ኦቨርታይሙ ዞረ።