ቫት የተካተተበት ድምር ብቻ ሲገኝ፦ ቫቱን ለይቶ ማውጣት

ኢትዮጵያ ውስጥ የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በተለምዶ ቫት የምንለው፣ መደበኛ ምጣኔው 15 በመቶ ነው። የካሽ ሬጂስተር ደረሰኝ ብዙውን ጊዜ ከቫት በፊት ያለውን ዋጋና ቫቱን ለየብቻ ያሳያል። ችግሩ የሚመጣው እጃችን ላይ ያለው የባንክ ዝውውር ማስረጃ ወይም «ቫትን ጨምሮ» የሚል አንድ ድምር ብቻ ሲሆን ነው።

ብዙ ሰው ያኔ የሚያደርገው ድምሩን በ15 በመቶ ማባዛትና መቀነስ ነው። ልክ አይደለም። ቫቱ የተሰላው ከመነሻ ዋጋው ላይ እንጂ ከድምሩ ላይ አይደለም። መነሻው 100 ከሆነ ድምሩ 115 ነው፤ ስለዚህ ወደ ኋላ ለመመለስ ድምሩን ለ1.15 ማካፈል ነው።

ለምሳሌ ለፕሪንተር ቀለም 4,600 ብር ተከፍሏል እንበል። 4,600 ለ1.15 ሲካፈል 4,000 ይመጣል፣ ቫቱ 600 ነው። በተሳሳተው መንገድ ግን ቫቱ 690፣ መነሻው ደግሞ 3,910 ይሆናል። ስህተቱን ለመያዝ ያገኙትን መነሻ መልሰው በ1.15 ያባዙት፦ 3,910 የሚሰጠው 4,496.50 ነው፣ 4,600 አይሞላም። በዚህ መንገድ የወጣ ቫት ሁሌም ከትክክለኛው በ15 በመቶ ይበልጣል፤ በወር ብዙ ግዢ ለሚመዘግብ ሰው ቀላል ልዩነት አይደለም።

ሳንቲም ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። 1,000 ብር ለ1.15 ሲካፈል 869.565… ይላል። መነሻውን ወደ 869.57 ያጠጋጉና ቫቱን በመቀነስ ያግኙ፣ 130.43። ቫቱን ከተጠጋጋው መነሻ ላይ በ15 በመቶ አስልተው ካጠጋጉ አንዳንዴ ድምሩ በአንድ ሳንቲም ይዛነፋል፣ ከዚያ ሒሳቡ አልገጥም ሲል ምክንያቱን ፍለጋ ነው። ኤክሴል ላይ ድምሩ A2 ላይ፣ መነሻው B2 ላይ፣ ቫቱ C2 ላይ ከሆነ፦

```
B2: =ROUND(A2/1.15,2)
C2: =A2-B2
```

ከማካፈል በፊት ግን ድምሩ በሙሉ ቫት ያለበት መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። 2,000 ብር ከተከፈለና ከዚያ ውስጥ 850ው ቫት የማይከፈልበት መድኃኒት ከሆነ፣ የሚካፈለው የቀረው 1,150 ብቻ ነው፤ ቫቱ 150 ይሆናል። ሙሉውን 2,000 ያካፈለ ሰው 260.87 ያገኛል፣ ያልተከፈለ ቫት መዘገበ ማለት ነው። ሻጩ ለቫት ያልተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ውስጡ የሚወጣ ቫት ጭራሽ የለም።

ሒሳቡ ልክ ስለወጣ ብቻም ቫቱ አይታሰብልዎትም። በግዢ የከፈሉትን ቫት ከሽያጭ ቫትዎ ላይ ለመቀነስ ታክሱን ለይቶ የሚያሳይ ሕጋዊ የቫት ደረሰኝ ያስፈልጋል። የባንክ ማስረጃው ብቻውን አይበቃም፣ ሻጩን ሳይዘገዩ ደረሰኙን መጠየቅ ነው።