ሙንላይቲንግ ምንድን ነው? «ከ11 ሰዓት በኋላ የራሴ ጊዜ ነው» ለሚሉ

«ከ11 ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ የራሴ ነው፤ ማንም አያገባውም።» ይህን አባባል በዚህ ወር ብቻ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። አንዱ ሰው ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ነው የነገረኝ። ሁለቱን ሰዎች ሲከራከሩ አነበብኳቸው። ከተከራካሪዎቹ አንዱ እንዲያውም «ሙንላይቲንግ ማለት ደሞዝ በሚከፈልበት ሰዓት የሌላ ሰው ሥራ መሥራት ነው፤ ማታ የሚሠራ ሰው ምንም አላጠፋም» ብሎ ነገሩን ዘግቶታል። ብዙ ሰው ተስማማለት። እኔ በሰው ኃይል አስተዳደር ውስጥ ለዓመታት ስሠራ ይህ አስተሳሰብ ሰዎችን እንጀራ ሲያሳጣ አይቻለሁ። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ቃሉ ራሱ ከጨረቃ ብርሃን የመጣ ነው። ቀን ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ማታ ሌላ ሥራ ሲይዝ ሙንላይቲንግ ይባላል። እኛ ተደራቢ ሥራ ወይም የጎን ሥራ እንለዋለን። ስለዚህ ነገሩ ከመነሻውም ከሥራ ሰዓት ውጭ ያለ ነው። በአሠሪ ሰዓት የሌላ ሰው ሥራ መሥራት ሌላ ጥፋት ነው። እሱን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልግም። ማብራሪያ የሚያስፈልገው በሰዓቱ ገብቶ፣ በሰዓቱ ወጥቶ፣ ሥራውን ጨርሶ፣ ግን ታማኝነቱን ያፈረሰ ሰው ጉዳይ ነው።

በዕቁብ ላስረዳ። ሁለት ዕቁብ መግባት ነውር አይደለም። የሁለቱንም ቀን ጠብቀህ እስከጣልክ ድረስ ማንም አይጠይቅህም። አሁን ደግሞ አንተ የአንዱ ዕቁብ ጸሐፊ ነህ እንበል። ዕጣ የምትጠቀልለው፣ ስም የምትመዘግበው አንተ ነህ። ከአባላቱ የአንዱን ዕጣ በድብቅ ገዝተሃል። ከዚያ ዕጣው በአንተ እጅ ሲወጣ ያ ሰው ደረሰው። ምናልባት ምንም አላጭበረበርክም። ወረቀቶቹ እኩል ተጠቅልለው፣ በደንብ ተደባልቀው ይሆናል። ግን አባላቱ ይህን በምን ያውቃሉ? አንተ በሐቅ ብትሠራም እነሱ ሐቁን የሚያዩበትን መንገድ ዘግተህባቸዋል። መፍትሔው ቀላል ነበር። «የእገሌን ዕጣ ገዝቻለሁ፤ ዛሬ ሌላ ሰው ያውጣልኝ» ማለት ብቻ ነበር።

የጥቅም ግጭት ማለት ይኸው ነው። የጥቅም ግጭት የቆምክበት ቦታ ነው እንጂ የሠራኸው ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው ስትደብቀው፣ ወይም እዚያው ቦታ ላይ ቆመህ ስትወስን ነው። የዕቁቡ ምሳሌ በአንድ ነገር ብቻ ይጎድላል። የዕቁብ አባላት እኩል ናቸው፤ ሠራተኛና አሠሪ ግን እኩል አይደሉም። አሠሪው ደሞዝ የሚከፍለው ጥቅሙን እንድትጠብቅለት ጭምር ነው።

አንድ ያየሁትን ጉዳይ ልንገራችሁ። ሰዎቹ እንዳይታወቁ አንዳንድ ዝርዝር ቀይሬያለሁ።

አንድ ግዥ ሠራተኛ ነበር። ሥራው የታወቀ ነው፤ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበስባል፣ ዋጋ ያወዳድራል፣ አነስተኛውን አቅርቦ ያስወስናል። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የአንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ሒሳብ ይይዛል። ሱቁ በወር 8,000 ብር ይከፍለዋል። የቫት ማሳወቂያውንም የሚያዘጋጀው እሱ ነው። ይኸው ሱቅ ለዋናው መሥሪያ ቤት ወረቀትና ቶነር ያቀርባል። በ14 ወር ውስጥ ከ9 ግዥዎች 7ቱን አሸንፏል።

ነገሩ የታወቀው በስልክ ነው። የሒሳብ ክፍል ሠራተኛዋ የአንድ ደረሰኝ ቀን ስላልገባት በሱቁ ደብዳቤ ላይ ያለውን ቁጥር ደወለች። ከእሷ ሁለት ጠረጴዛ አልፎ ያለ ስልክ ጠራ። ቀና ስትል ግዥ ሠራተኛው ስልኩን አንስቶ «አቤት» ይላል።

ሰውየው ሲጠየቅ የመለሰው ምንም ውሸት አልነበረበትም። «በሥራ ሰዓት አልሠራሁም። ሱቁ ሁልጊዜ ርካሽ ነበር፤ ፋይሉን አውጥታችሁ እዩት» አለ። ፋይሉ ወጣ። በመጨረሻው ግዥ ሁለቱ ተወዳዳሪዎች 186,400 እና 183,900 ብር አቅርበዋል። ሱቁ ያቀረበው 182,500 ነው። እውነትም ርካሽ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ታዲያ ማን ተጎዳ?» ይላል። ሁለት ነገር ላሳያችሁ። አንደኛ፣ ሱቁ ከሚቀጥለው ዋጋ የሚያንሰው በ1,400 ብር ብቻ ነው። የሌሎቹን ዋጋ የሚያውቅ ሰው ነግሮት ከሆነ ልክ ይህን ያህል ዝቅ ማለት ይበቃዋል። ካልነገረውም ገበያው እንዲህ ሊሆን ይችላል። ከፋይሉ ላይ ሁለቱን መለየት አይቻልም። መሥሪያ ቤቱ ሦስት ፕሮፎርማ የሚሰበስበው ዋጋው እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ ነበር፤ አሁን ያንን ማወቂያ አጥቷል።

ሁለተኛው ይበልጣል። ሰውየው የሱቁን መዝገብ በእጁ ይጽፋል። ቶነሩ በስንት እንደገባ፣ ስንት እንደሚያተርፍ ያውቃል። ሰኞ ጠዋት ግዥ ሠራተኛ ሆኖ ሲቀመጥ ሥራው ዋጋ ማስቀነስ ነው። «ይህን ዕቃ በዚህ ያህል ነው ያስገባኸው፤ ከዚህ በላይ አንከፍልም» ማለት ይችላል። ግን ይህን ካለ የሱቁን ምስጢር አወጣ። ዝም ካለ ደግሞ መሥሪያ ቤቱን አስከፈለ። ያለ ምንም ክፋት፣ ያለ ምንም ጉቦ፣ አፉን ቢከፍትም ቢዘጋም አንዱን ከድቷል። ቅዳሜ ያወቀውን ሰኞ አላውቀውም ሊል አይችልም። ቢሮው በ11 ሰዓት ይዘጋል፤ ጭንቅላት ግን አይዘጋም። ሰዓት የሚቆጥረው ተከራካሪ የሳተው ይህን ነው።

ለዚህ ነው ፈተናው ስለ ሥራው ዓይነት መሆን ያለበት። እዚያው መሥሪያ ቤት ማታ ማታ ራይድ የሚሠራ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። አለቃው ይህንንም «ክህደት» ብሎ ሊያስጠነቅቀው ፈለገ። ሠራተኛው ግን ከመሥሪያ ቤቱ ጋር አይወዳደርም፣ ምስጢር አይወስድም፣ የሚወስነው ግዥ የለም። አላስጠነቀቅነውም። ይኸው ሰው የከባድ መኪና ሹፌር ቢሆንና ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ጠዋት ተሳቢ ቢይዝ ግን ሌላ ነገር ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ሠራተኛ ለሥራ ብቁ በሆነ የአካልና የአእምሮ ሁኔታ የመገኘት ግዴታ አለበት።

አዋጁን ካነሳሁ አሠሪዎችም የሚሳሳቱበትን ልናገር። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውስጥ «ሁለተኛ ሥራ አትያዝ» የሚል አንቀጽ አታገኙም። ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያስባርሩ ምክንያቶች በአንቀጽ 27 ተዘርዝረዋል፤ በሥራ ላይ ማታለልና ማጭበርበር ከነሱ አንዱ ነው። ስለዚህ «ታማኝ ስላልሆንክ» ብቻ ብሎ የሚጽፍ አሠሪ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ይቸገራል። የግዥ ሠራተኛው የመጀመሪያ የስንብት ደብዳቤ እንዲህ ነበር የተረቀቀው፤ አስቀየርነው። እሱን የጣለው ሁለተኛው ሥራ አይደለም። በየዓመቱ የሚሞላው የጥቅም ግጭት መግለጫ ቅጽ አለ። «ከመሥሪያ ቤቱ አቅራቢዎች ጋር የሥራ ወይም የገንዘብ ግንኙነት አለዎት?» ለሚለው ጥያቄ «የለኝም» ብሎ ፈርሟል። ያውም ሁለት ጊዜ። ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ያ ፊርማና በዚያ ፊርማ ሥር ያለፉት 9 ግዥዎች ናቸው።

ሌላም አለ። አሠሪው ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመበት መብቱ ያልፍበታል። ለወራት እያወቀ ቆይቶ ሲጣላ የሚመዝ አለቃ ይህን መርሳት የለበትም። ደግሞም የምናገረው በአዋጁ ስለሚተዳደር ሠራተኛ ነው። የሥራ መሪ የሚባለው ከዚህ አዋጅ ውጭ ነው፤ ጉዳዩ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይታያል። የመንግሥት ሠራተኛም የራሱ ሕግ አለው። የጎረቤታችሁን ታሪክ ይዛችሁ ለራሳችሁ አትፍረዱ።

«አሜሪካ ሁሉም ሰው ሁለት ሥራ ይሠራል» ያለም ነበር። ሁሉም ሰው ባይሆንም ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ካሉ ዘመዶቻችን ብዙዎቹ ቀን አንድ ቦታ፣ ማታ ሌላ ቦታ ይውላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግጭት የለውም። ግን በዚያም ቢሆን የታማኝነት ግዴታ የለም ማለት አይደለም። በ1999 (እ.ኤ.አ.) የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአንድ የምግብ ኩባንያ የትራንስፖርት ኃላፊ ጉዳይ አይቷል። ኃላፊው በጎን ለሌሎች የምግብ ኩባንያዎች ማጓጓዣ የሚያመቻች ድርጅት ነበረው። ከአሠሪው ጋር በቀጥታ አይወዳደርም። ፍርድ ቤቱ ግን ቀጥታ መወዳደር የግድ አይደለም፤ ተወዳዳሪን ትንሽ ማገዝም ግዴታን ሊያፈርስ ይችላል አለ። እንዲታዩ ያላቸው ነገሮች ውሉ ምን ይላል፣ አሠሪው ያውቅ ነበር ወይ፣ ሠራተኛው ምን ያህል እምነት የተጣለበት ነው፣ ሁለተኛው ገቢ ምን ዓይነት ነው የሚሉ ናቸው። የሥራ ሰዓት ብቻውን ነገሩን አልወሰነውም።

ግዥ ሠራተኛው ሲወጣ በር ላይ ቆሞ «ምን ማድረግ ነበረብኝ? ልጆች አሉኝ፣ ደሞዙ አይበቃም» አለኝ። ደሞዙ እንደማይበቃ አውቃለሁ። የነገርኩት ይህን ነው። ሱቁ ሥራውን የሰጠህ ቀን ለኃላፊህ ሁለት መስመር ትጽፍ ነበር፤ «በዚህ ስም ለሚጠራ አቅራቢ በሳምንቱ መጨረሻ ሒሳብ እይዛለሁ። የጽሕፈት መሣሪያ ግዥ ለሌላ ሰው ይሰጥልኝ።» ቀን ጽፈህ፣ ቅጂው ላይ አስፈርመህ ትይዝ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ሌሎች ሁለት ግዥ ሠራተኞች ነበሩ። አንዳቸው ቶነሩን ይወስዱ ነበር፤ አንተም የመለዋወጫና የጥገናውን ግዥ ይዘህ ትቀጥል ነበር።