የመተኪያ ዋጋ ምንድን ነው? ስልክ የሚገዛበትን ወቅት የሚወስነው ስሌት

የመተኪያ ዋጋ ማለት ነጋዴው በመደርደሪያው ላይ ያለውን ዕቃ ዛሬ ቢሸጠው ያንኑ ዕቃ መልሶ ለማስገባት የሚያስፈልገው ገንዘብ ነው። ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ላይ ስልክ የሚገዛ ሰው «ይህን እኮ ያስገባችሁት በድሮው ዶላር ነው» ብሎ ሲከራከር፣ ባለሱቁም «አሁን በዚህ ዋጋ አይመጣም» ብሎ ሲመልስ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ገዢው ዕቃው ስለ ገባበት ዋጋ ይናገራል፤ ሻጩ ስለሚተካበት። የጎጃም ገበሬ በታኅሣሥ የወቃውን ጤፍ እስከ ሐምሌ በጎተራ ቢያቆየው የሚሸጠው በሐምሌ ገበያ ዋጋ ነው፤ በታኅሣሥ ስንት ያወጣ እንደነበር ማንም አይጠይቀውም። ባለሱቁም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ በአሮጌው ዋጋ ቢሸጥ ዐሥር ስልክ ሸጦ በገንዘቡ ስምንት ብቻ ይዞ ሊመለስ ይችላል፤ ከጊዜ በኋላም ሱቁ ባዶ ይቀራል።

ይህን የተረዳ ገዢ «መቼ ልግዛ?» የሚለውን ጥያቄ በተሻለ መንገድ ያነሣዋል። ከውጭ የሚመጣ ስልክ የመተኪያ ዋጋ በዋናነት የሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው፤ አንዱ ስልኩ በውጭ ገበያ የሚያወጣው ዶላር ሲሆን፣ ሌላው ነጋዴው ያንን ዶላር የሚያገኝበት ብር ነው። በዚያ ላይ ቀረጥ፣ ማጓጓዣና ትርፍ ይጨመራል። አዲስ ሞዴል ሲወጣ የሚቀንሰው የመጀመሪያው ቁጥር ነው። የምንዛሬ ለውጥ ሁለተኛውን ይነካል። የዓመት መጨረሻ ቅናሽ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነካው ትርፉን ብቻ ስለሆነ ከሦስቱ ትንሹ ነው።

የሞዴል ለውጥ ከሞላ ጎደል አስቀድሞ የሚታወቅ ቀን አለው። ሳምሰንግ የጋላክሲ ኤስ ተከታታዩን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የሚያስተዋውቀው በፈረንጆቹ ጥር ወይም የካቲት ነው፤ ኤስ24 በፈረንጆቹ ጥር 17 ቀን 2024፣ ኤስ25 ደግሞ ጥር 22 ቀን 2025 ቀርበዋል። አፕል አዳዲስ አይፎኖቹን በአብዛኛው የሚያወጣው በእኛ ጳጉሜና መስከረም አካባቢ ነው። አፕል አዲስ ሲያወጣ የቀድሞውን በይፋ የመቀነስ ልማድ አለው፤ በ2017 ዓ.ም. ዋዜማ አይፎን 16 ሲቀርብ በአሜሪካ 799 ዶላር የነበረው አይፎን 15 ወደ 699 ዶላር ወርዷል። ሌሎቹ አምራቾች ብዙውን ጊዜ ይፋዊ ዋጋቸውን ሳይነኩ ለአከፋፋዮች በሚሰጡት ቅናሽ ስለሚያወርዱት፣ ውጤቱ በአንድ ቀን ሳይሆን በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይታያል። ወደ ጎጃም የሚመጣው ስልክ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በዱባይና በመርካቶ በኩል ስለሚያልፍ፣ የውጩ ቅናሽ የአባይን ሸለቆ ተሻግሮ ደብረ ማርቆስ እስኪደርስ ተጨማሪ ጊዜ ይወስዳል።

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ ለስሌቱ የተመረጡ ናቸው። በዱባይ 300 ዶላር የሚያወጣ ስልክ አለ። የባንክ መሸጫ ዶላር 140 ብር ነው እንበል። ደብረ ማርቆስ ላይ ስልኩ 48,000 ብር ይሸጣል። ገዢው አዲሱ ሞዴል በቅርቡ እንደሚወጣ ሰምቷል፤ አራት ወር ቢታገሥ የቀድሞው 15 በመቶ ወርዶ 255 ዶላር እንደሚሆን ይገምታል። ምንዛሬው ካለበት ካልተነቃነቀ ሱቁ ዋጋውን ወደ 40,800 ብር ሊያወርደው ይችላል፤ መታገሡ 7,200 ብር አተረፈ ማለት ነው። በእነዚያ አራት ወራት ዶላር በ8 በመቶ ከጨመረ ዋጋው 44,064 ብር ይሆናል፤ አሁንም መታገሥ ይሻላል፤ ትርፉ ግን ወደ ግማሽ ገደማ ወርዷል። ዶላር በ20 በመቶ ከጨመረ ግን ዋጋው 48,960 ብር ስለሚደርስ፣ የታገሠው ሰው በአዲስነቱ ሊገዛው ይችል የነበረውን ስልክ አሁን አሮጌ ሆኖ በሚበልጥ ዋጋ ይገዛዋል። አሁን መግዛትና መታገሥ እኩል የሚሆኑት ዶላር በ17.6 በመቶ አካባቢ ሲጨምር ነው። የ15 በመቶ ቅናሽ በ15 በመቶ የዶላር ጭማሪ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ጭማሪው የሚሰላው ባነሰው ዋጋ ላይ ስለሆነ ትንሽ የሚተርፍ ነገር ይኖራል።

እንዲህ ዓይነት ጭማሪ በአራት ወር ውስጥ ይመጣል ወይ የሚለው ጥያቄ በግምት ብቻ የሚመለስ አይደለም፤ ከዚህ በፊት የሆነው ሁኔታ ጥሩ መልስ ይሰጣል። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ዋጋ ሲያወርድ አንድ ዶላር ከ23.40 ብር አካባቢ ወደ 26.90 ብር አካባቢ በአንድ ጊዜ ዘለለ። ይህ የ15 በመቶ ጭማሪ ነው፤ የአንድ ሙሉ የሞዴል ለውጥ ቅናሽን ለመብላት የቀረው ጥቂት ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ከ57 ብር አካባቢ የተነሣው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አልፏል። ከዚህ የምንረዳው የብር ምንዛሬ ለረጅም ጊዜ ቀስ እያለ ሲሄድ ቆይቶ በድንገት ሊዘል እንደሚችል ነው፤ ስለዚህ ያለፉትን ስድስት ወራት እርጋታ አይቶ የሚቀጥለውን መተንበይ ያሳስታል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። በሐምሌ 2016 የባንኩ ዶላር በእጥፍ ገደማ ሲጨምር የስልክ ዋጋ በዚያው ልክ አልጨመረም። ምክንያቱም ከዚያ በፊት ከባንክ ዶላር የሚያገኘው አስመጪ ጥቂት ነበር፤ በትይዩ ገበያ ያለው ዶላር ከይፋዊው እጥፍ አካባቢ ይሸጥ ስለነበር፣ የስልኮቹ መተኪያ ዋጋ ቀድሞውኑ በዚያ ተሰልቶ ነበር። ባንኩ ወደ ገበያው ቀረበ እንጂ ገበያው ወደ ባንኩ አልሄደም። ስለዚህ የባንክ ሰሌዳ ብቻ እያየ የሚወስን ሰው ዋጋው ሳይጨምር ይደነግጣል፤ ወይም ዋጋው እየጨመረ እያለ ተረጋግቶ ይቀመጣል።

እኔ የተሻለ ነው የምለው መለኪያ ሱቁ ራሱ የሚጠቀምበትን ምንዛሬ ማስላት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። የስልኩን የዱባይ ዋጋ ከኢንተርኔት ገበያዎች ማየት ይቻላል፤ በድርሃም የተጻፈውን ለ3.67 ማካፈል ዶላሩን ይሰጣል፤ ድርሃም ከዶላር ጋር በዚህ መጠን የተሳሰረ ስለሆነ ቁጥሩ አይለዋወጥም። 1,100 ድርሃም የሚል ስልክ 300 ዶላር ገደማ ነው። ከዚያ የሱቁን የብር ዋጋ ለዶላሩ ማካፈል ነው፤ 48,000 ለ300 ሲካፈል 160 ይሆናል። ይህ 160 ቀረጡን፣ ማጓጓዣውንና ትርፉን በውስጡ የያዘ የሱቅ ምንዛሬ ነው፤ ባንኩ 140 ከሆነ ልዩነቱ 14 በመቶ ገደማ ይሆናል። ይህን ቁጥር ለተመሳሳይ ስልክ በሁለትና በሦስት ሱቅ፣ በየሳምንቱ ወይም በየዐሥራ አምስት ቀኑ መጻፍ ያስፈልጋል። አንድ ቁጥር ለብቻው ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው ከራሱ ያለፈ ልማድ ጋር ሲነጻጸር ነው።

ባንኩ ወደ 150 ወጥቶ ሱቁ አሁንም 48,000 የሚል ከሆነ ልዩነቱ ወደ 7 በመቶ ወርዷል። ይህ ሱቅ ገና በአሮጌው ክምችት እየሸጠ ነው፤ አዲስ ዕቃ ሲገባ ዋጋው መስተካከሉ አይቀርም፤ ስልኩን በእርግጥ የሚፈልግ ሰው የሞዴል ለውጥ መጠበቁን ትቶ ያን ጊዜ መግዛት አለበት። ባንኩ 150 ሆኖ ሱቁ 57,000 ሲል ግን የሱቁ ምንዛሬ 190 ደርሷል፤ ልዩነቱ 27 በመቶ ገደማ ነው። ዋጋው ከመተኪያው በላይ የሄደው ነጋዴው ነገ የሚመጣውን ስለ ፈራ፣ ወይም መርካቶ ላይ ዕቃ ስለ ጠፋ ነው። ፍርሃት ከሆነ ዕቃ መግባት ሲጀምር ይቀንሳል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ መታገሥ ያዋጣል። ሁለቱን ለመለየት የሚረዳው ሱቆቹን ማወዳደር ነው። አንዱ 57,000 ሲል ሌላው 50,000 የሚል ከሆነ ገበያው ገና ዋጋውን አላገኘም ማለት ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ቁጥር ከያዙ ግን አዲሱ የመተኪያ ዋጋ ያ ሆኗል።

የዓመት መጨረሻ ቅናሽ ለጎጃም ገዢ ከሌላው ዓለም በተለየ መንገድ ይሠራል። በኅዳር የሚካሄደው የውጭ አገር የቅናሽ ዘመቻ በቀጥታ ወደ ደብረ ማርቆስ ሱቅ አይደርስም፤ የሚደርሰው ለገና ወይም ለጥምቀት የሚመጣ ዘመድ ገዝቶ ከያዘው ነው። በዚህ መንገድ የሚመጣ ስልክ ርካሽ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከአሜሪካ የቴሌኮም ድርጅት በቅናሽ የተገዛ ከሆነ ለዚያ ድርጅት ሲም ብቻ የተቆለፈ ሊሆን ስለሚችል ከመገዛቱ በፊት መጠየቅ ይገባል። በእኛ ገበያ ግን ኅዳርና ታኅሣሥ እህል ወደ ገበያ መውጣት የሚጀምርበት ጊዜ ሲሆን፣ ጥርና የካቲት እስከ ዐቢይ ጾም ድረስ የሰርግ ወቅት ነው፤ በገዢው እጅ ገንዘብ ባለበት ሰዓት ባለሱቁ የሚቀንስበት ምክንያት የለውም። ክርክር የሚሰማው በክረምቱ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ገዢው ሲሳሳና ግብር የሚከፈልበት ጊዜ ሲደርስ፣ ጥሬ ገንዘብ የሚፈልግ ነጋዴ ከትርፉ ላይ ይቀንሳል። ይህ ቅናሽ ግን ከትርፉ በላይ ሊሄድ አይችልም፤ ዶላር እየወጣ ባለበት ክረምት ለጥቂት መቶ ብር ብሎ መቆየት ከሚያተርፈው ይልቅ የሚያሳጣው ይበልጣል።

የቀድሞ ሞዴል የሚገዛ ሰው ሊቆጥረው የሚገባ ሌላ ወጪ አለ፤ የሶፍትዌር ድጋፍ ዘመኑ የሚጀምረው ስልኩ ለገበያ ከወጣበት ቀን እንጂ ከተገዛበት ቀን አይደለም። ጋላክሲ ኤስ23 በፈረንጆቹ የካቲት 2023 ሲወጣ የአምስት ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ ነበር የታወጀለት፤ ኤስ24 ግን ሰባት ዓመት ተሰጥቶታል። ሁለት ዓመት የቆየ ኤስ23 የገዛ ሰው የሚቀረው ሦስት ዓመት ነው። ስለዚህ ሁለት ስልኮች ሲወዳደሩ ዋጋውን ለቀሩት የድጋፍ ዓመታት አካፍሎ ማየት ይገባል፤ በ36,000 ብር የሦስት ዓመት ድጋፍ የቀረው ስልክ ለዓመት 12,000 ብር ያስወጣል፤ በ54,000 ብር የስድስት ዓመት ድጋፍ ያለው ግን 9,000 ብር ብቻ።

ያገለገለ ስልክም ከዚህ ስሌት አያመልጥም፤ ይዘገይበታል እንጂ አይቀርለትም። የአዲሱ ዋጋ ሲጨምር ከግለሰብ እጅ የሚሸጠው ስልክ ባለቤቱ ገበያውን እስኪያውቅ ድረስ በቀድሞው ዋጋ ሊቆይ ይችላል፤ አዲሱ ሲቀንስም እንዲሁ፣ ባለቤቱ የገዛበትን እያሰበ ዋጋውን ለማውረድ ያመነታል። በመሆኑም ምንዛሬ በዘለለ ሰሞን ያገለገለውን ማየት፣ አዲስ ሞዴል በወጣ ሰሞን ደግሞ ከሱቅ ያለውን አዲስ መጠየቅ ይሻላል።