መንሳፈፍ ምንድን ነው? ካላማዳሪያ ታቅፎ መዋል አይደለም

ሰሞኑን አንድ አባት ልጁን ገንዳ ዳር አምጥቶ «መንሳፈፉን እንኳ ይችልበታል፤ ዋናውን ብቻ አሳየው» አለኝ። ልጁ ስድስት ዓመቱ ነው። ሁለቱም ክንዱ ላይ በአየር የተነፋ ፕላስቲክ ታስሯል። «እስቲ ፍታለትና እንየው» አልኩት። አባትየው ደነገጠ። «ያለሱማ ይሰጥማል!»

እንግዲህ የሚንሳፈፈው ፕላስቲኩ ነው። ልጁ ተሳፋሪ ነው።

ሌላው ደግሞ አፍዴራ ደርሶ ይመጣና «ተንሳፈፍኩ» ይላል። አፍዴራ ጨዋማ ሐይቅ ነው፤ ጨዉ ማንንም ያነሳል። ያው ሰውዬ ላንጋኖ ሲገባ የሚሆነው ሌላ ነው። ከሁሉ ያናደደኝ ግን በልበ ሙሉነት የተጻፈ አንድ አስተያየት ነው፦ «መንሳፈፍ ማለት እንደ ፍራሽ ተዘርግቶ መተኛት ነው። በወገብ ልክ ገንዳ ይህን ማስተማር ቀልድ ነው።» ሁለቱም ዓረፍተ ነገር ስህተት ነው።

መንሳፈፍ ማለት ምንም ሳይዙ፣ እግር ወለል ሳይነካ፣ አፍና አፍንጫን ከውሃ በላይ አድርጎ እየተነፈሱ መቆየት ነው። «እየተነፈሱ» የምትለዋ ናት ዋናዋ። ትንፋሽ ይዞ በሆድ መተኛትማ ግንድም ይተኛል። እግር ደግሞ የግድ መነሳት የለበትም። እግሩ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ፊቱ ብቻ የሚታይ ልጅም ተንሳፍፏል።

ጀሪካን አስቡ። ባዶ ሆኖ ክዳኑ የተዘጋ ጀሪካን ውሃ ላይ ይቀመጣል። የሰው ደረት ያ ጀሪካን ነው፤ አየሩ ያለው እዚያ ነው። እግር ደግሞ ጀሪካኑ ሥር የታሰረ እርጥብ ጆንያ ነው። ስለዚህ ጀሪካኑ ሲንሳፈፍ ጆንያው ይወርዳል። ጥፋት አይደለም፤ ተፈጥሮው ነው። በተለይ ቀጫጭን ልጆች ላይ ይብሳል።

ልጅ ሲጮህ ደግሞ ክዳኑ ተከፈተ ማለት ነው፤ አየሩ ወጥቶ ደረቱ ዝቅ ይላል። እጁን ወደ ላይ ሲያወራጭ ወይም ጭንቅላቱን ከውሃው ሲያወጣ ጀሪካኑ ላይ ድንጋይ ጫነበት። ውሃ የተሸከመው ነገር ሁሉ ቀላል ነው፤ ከውሃ የወጣው ግን ክብደቱ ተመልሶ ሌላውን ቁልቁል ይገፋል። ለዚህ ነው «ጆሮህን ውሃ ውስጥ አድርግ» እያልን የምንጨቀጭቀው። ክንድ ላይ የሚታሰረው ፕላስቲክ ደግሞ ልጁን ቀጥ አድርጎ ያቆምና ጭንቅላቱን ያወጣዋል። የሚያለማምደው የተገላቢጦሹን ነው።

አሁን ወደ ገንዳው። የኛ ገንዳ 90 ሳንቲ ሜትር ነው። ጥልቅ ጎን የለውም። ለመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች ይህ ጉድለት ሳይሆን ምቾት ነው፤ ልጁ ሲፈራ ይቆማል፣ እኔም በጉልበቴ ተንበርክኬ ፊቱ አጠገብ እሆናለሁ። ችግሩ ሌላ ነው። ወለሉ ያታልላል። ልጁ በጀርባው ተኝቶ ተረከዙ ወለሉን ይነካና ሁሉም ያጨበጭብለታል። እሱ ግን በተረከዙ ቆሟል። እኔ የማየው በዓይኔ አይደለም፤ እጄን በተረከዙ ሥር አሳልፋለሁ። እጄ ካላለፈ አልተንሳፈፈም።

አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ነበረችኝ። «እኔ አልንሳፈፍም፤ አጥንትሽ ከባድ ነው ይለኛል ወንድሜ» አለችኝ። አጥንቷ ምንም አልሆነም። ቀጭን ናት፤ ጆንያዋ ቶሎ ይወርዳል፣ በቃ።

የጀመርነው ከመንሳፈፍ ሳይሆን ከመነሳት ነው። በጀርባው የተኛ ልጅ መቆም ካላወቀ፣ ወገቡ ድረስ ባለ ውሃ ውስጥ ተረከዙ እየተንሸራተተ ይንፈራገጣል፤ ጥልቀት በሌለው ውሃ መስጠም የሚመጣውም እንዲህ ነው። አገጭ ወደ ደረት፣ ጉልበት ወደ ሆድ፣ በርጩማ ላይ እንደሚቀመጥ ዳሌን ዝቅ ማድረግ፣ ሁለቱን እጆች ከኋላ ወደ ፊት መጥረግ፤ ከዚያ እግር ወለል ይይዛል። ጭንቅላቷን ደግፌ ይህን ብቻ ደጋግመን ሠራን። መነሳት እንደምትችል ስታውቅ አንገቷ ለቀቀ።

ቀጥሎ ጆሮ ውሃ ውስጥ፣ ዓይን ሰማይ ላይ። ትንፋሽ በረጅሙ መሳብ፣ ጥቂት መያዝ፣ ቶሎ አስወጥቶ መልሶ መሳብ። በረጅሙ ካስወጣች ጀሪካኑ አየሩን ያጣል፤ ትወርዳለች። እንደጠበቅኩት ተረከዟ ወለል ነካ። እዚህ ላይ ነው ብዙ አሰልጣኝ «እግርሽን አንሺ!» እያለ የሚጮኸው። እግር በጉልበት ሲነሳ ሆድ ይታጠፋል፣ ዳሌ ይሰጥማል። ይልቅ ሁለቱን እጆቿን ከውሃው ሳታወጣ ከጭንቅላቷ በላይ ዘረጋች፤ ጉልበቷን አጥፋ ተረከዟን ወደ መቀመጫዋ ሳበች። ክብደቱ ወደ ደረቷ ሲጠጋ ጆንያው ከጀሪካኑ ሥር ወጥቶ ጎኑ ተኛ። እጄ በተረከዟ ሥር አለፈ። አሥር ትንፋሽ ቆጠርን።

ብርዱን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የአዲስ አበባ ያልሞቀ ገንዳ ቀልድ አያውቅም። የሚንቀጠቀጥ ልጅ ትንፋሹ ያጥራል፤ ጀሪካኑ ግማሽ ነው። ከንፈሩ ሲጠቁር ትምህርቱ አልቋል፣ ይውጣ። ትንፋሽ ይዞ ውሃ ውስጥ የመቆየት ውድድርም ገንዳዬ ውስጥ ክልክል ነው፤ በተለይ ደጋግመው በኃይል ከተነፈሱ በኋላ የሚገቡት ሳይታወቃቸው ራሳቸውን ይስታሉ።

አሥር ትንፋሽ ከቻለች በኋላ የሠራነው መገልበጥ ነው። ድንገት ውሃ ውስጥ የሚወድቅ ልጅ ሰማይ እያየ ላይወድቅ ይችላል። ግድግዳውን በእግሯ ገፍታ በፊቷ ትንሸራተታለች፣ ከዚያ በትከሻዋ ዞራ በጀርባዋ ትሆናለች፣ ትተነፍሳለች። በመጨረሻው ቀን ይህንኑ በሱሪና በሹራብ አደረገችው። በጭንቅላት ዘሎ መግባት ግን በ90 ሳንቲ ሜትር አይታሰብም፤ አንገት ይሰበራል።

ያ አስተያየት ሰጪ አንድ ነገር ላይ ግማሽ እውነት አለው። ከቁመት በላይ የሆነ ውሃ ውስጥ ገብቶ ወደ ላይ መመለስ እዚህ አይሠራም። የአሜሪካ ቀይ መስቀል መሠረታዊ ከሚላቸው አምስት የውሃ ክህሎቶች የመጀመሪያው ይኸው ነው፤ ቀጥሎ ለአንድ ደቂቃ መንሳፈፍ ወይም ባሉበት ውሃ እየቀዘፉ መቆየት ይመጣል። የኔ ተማሪ ደቂቃውን ሞልታለች። የመጀመሪያውን አልሞከረችም። ለእሷም ለወላጆቿም በግልጽ ነግሬያቸዋለሁ፤ ምክንያቱም እግሯ ወለል ፈልጎ ሲያጣ ምን እንደምታደርግ እኔም አላየሁም።

አባቷ «ታዲያ ቢሾፍቱ ልውሰዳት?» አለኝ። የቢሾፍቱ ሐይቆች የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ናቸው፤ ከዳር ትንሽ ሲርቁ ወለሉ ይጠፋል።

«ውሰዳት። ግን አንተ ውሃው ውስጥ፣ ክንድህ ከሚደርስባት ሳትርቅ።»

«እኔ መች ዋና እችላለሁ?»

«እንግዲያው እሷም ዳር ላይ ትጫወት። አንተ ባዶ ጀሪካን ክዳኑን ጥብቅ አድርገህ፣ ረጅም ገመድ አስረህበት ይዘህ ሂድ። አንድ ነገር ቢሆን ጀሪካኑን ትወረውራለህ እንጂ አትገባም።»