ምርቃት ሲጠበቅ የወጣ ቃል፦ አንዲት እናት ለልጃቸው የጻፉት የይቅርታ ደብዳቤ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ከዚህ በታች የምታነቡት ደብዳቤ በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በለገጣፎ በኩል የሚኖሩ አንዲት እናት ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ትዳር ለመሠረተው ልጃቸው የጻፉት ነው። ስማቸው ሳይጠቀስ ለሌሎች ወላጆች መማሪያ እንዲሆን እናትም ልጅም ፈቅደዋል።

የሆነው እንዲህ ነው። ሙሽሮቹ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው በዳሱ ውስጥ የወላጆችን ጉልበት ለመሳም በተራ ሲቀርቡ፣ እናቲቱ እንደ ወጉ «ወልዳችሁ ሳሙ፣ ዘርታችሁ ቃሙ» ብለው መመረቅ ሲገባቸው፣ ልጃቸው ጎንበስ እንዳለ የሁለቱም ወገን ዘመድ እየሰማ ክፉ ቃል ተናገሩትና ጉልበታቸውን ሰበሰቡበት። ሚዜዎቹ ጭብጨባውን ከፍ አድርገው ነገሩን ሸፈኑት። መልሱም ቅልቅሉም አለፈ፤ ስለዚያ ቃል ያነሣ ሰው ግን አልነበረም። በእኛ ዘንድ ይህ የተለመደ ነው፤ ልጅ ወላጁን ሲበድል ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ ይወድቃል፤ ወላጅ ልጁን ሲበድል ግን «እናት ናት፣ ምን ታድርግ» ተብሎ ይታለፋል።

እናቲቱ ነገሩን ለንስሐ አባታቸው ሲናዘዙ፣ አባ በቅድሚያ ያነሡባቸው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5፣ ቁጥር 23 እና 24 ላይ ያለውን የጌታን ቃል ነበር። መባ ይዞ ወደ መሠዊያው የቀረበ ሰው ወንድሙ በእርሱ ላይ አንዳች እንዳለው ቢያስብ፣ መባውን እዚያው ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ ታዝዟል። ልብ በሉ፣ ቃሉ የተበደለውን ሳይሆን የበደለውን ነው የሚልከው፤ ወንድም ከሚለውም ቃል ልጅን የሚያወጣ ምክንያት የለም። ስለዚህ አባ «ቀኖናሽን ከመስጠቴ በፊት ለልጅሽ ጻፊ» አሏቸው።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ሁለት ሉክ ሙሉ ነበር። ባል ሞቶባቸው ብቻቸውን እንዴት እንዳሳደጉት፣ ለትምህርቱ ምን እንደሸጡ፣ ሙሽራይቱን ሳያማክራቸው እንደመረጠ በሰፊው ይተርክና መጨረሻው ላይ «ተናድጄ ነው እንጂ ክፉ አስቤ አይደለም፤ ካስቀየምኩህ ይቅርታ» ይላል። አባ ካነበቡት በኋላ መለሱላቸው። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል እንጂ በሥራው ዕዳ የሚያስቆጥር ነው፤ የሚያነበው ልጅ ከመጽናናት ይልቅ ጥፋተኛው እርሱ እንደሆነ ይሰማዋል። «ካስቀየምኩህ» የሚለውም ቢሆን በደሉ መኖሩን እንደ ገና ጥያቄ ውስጥ ያስገባል፤ ሁለት መቶ ሰው የሰማው ነገር ደግሞ የሚያጠራጥር አይደለም።

ለዚህ አብነት የሚሆነን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የተጻፈው የጠፋው ልጅ ነው። በሩቅ አገር ሳለ ረሃቡን ለራሱ ተናግሯል፤ ለአባቱ ባዘጋጀው ቃል ውስጥ ግን ረሃብም፣ ድርቅም፣ ገንዘቡን ያስጨረሱት ወዳጆችም አልገቡም። «በሰማይና በፊትህ በደልሁ፤ ወደ ፊትም ልጅህ ልባል አይገባኝም» ነበር ያለው። ስለ ልጅ የተነገረው ቃል እዚህ ለእናት ሆነ እንጂ፣ የበደለ ሰው የሚቆምበት ቦታ አንድ ነው። እናቲቱ ይህን ምዕራፍ ደጋግመው ካነበቡ በኋላ የጻፉት ሁለተኛው ደብዳቤ የሚከተለው ነው፦

«ይድረስ ለልጄ፣

የእግዚአብሔር ሰላም ከአንተና ከባለቤትህ ጋር ይሁን። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

በሠርግህ ዕለት ጉልበቴን ልትስም ስትጎነበስ ‹የሰው ቤት እንጀራ ጋጋሪ ልጅ እንድታመጣልኝ ነው ያስተማርኩህ?› አልኩህ፤ ጉልበቴንም ሰበሰብኩብህ። ያናገረኝ ሰው አልነበረም፤ አስቤ የተናገርኩት እኔው ነኝ። አንተ ምርቃት ፈልገህ ነበር የመጣኸው፤ እኔ ግን በሰው ፊት አዋረድኩህ። ሚስትህን በሠርጓ ቀን በእናቷ እንጀራ ሰደብኳት። እናቷ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበርና ሲሰሙኝ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሲያደርጉ አይቻለሁ፤ አይቼም ዝም አልኩ። በእግዚአብሔርም በፊትህም በድያለሁ፤ ይቅር በለኝ።

ያን ዕለት የነፈግሁህን ምርቃት ዛሬ እሰጥሃለሁ። ወልዳችሁ ሳሙ፤ ዘርታችሁ ቃሙ፤ ቤታችሁን እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ ቤት ያድርግላችሁ። ከአፌ የወጣው ክፉ ቃል መሬት ይውደቅ፤ ጎጇችሁን አይንካ።

ሚስትህንና እናቷን ራሴ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይዣቸው የምሄደው በዳሱ ውስጥ አጠገቤ ሆነው ቃሌን የሰሙትን ሁለት ሽማግሌዎች ነው። አንተ መካከል ገብተህ እንድታስታርቀን አልለምንህም። መልስ ለመስጠት ልብህ እሺ ካላለህም እጠብቃለሁ።

እናትህ»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ብዙ ወላጆች የሚዘሉት ነገር ምርቃቱ ነው። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 3 የአባት ምርቃት የልጆችን ቤት እንደሚያጸና፣ የእናት ርግማን ግን መሠረቱን እንደሚነቅል ይናገራል። እናቲቱ በአፋቸው አልረገሙም፤ ነገር ግን ይህን ቃል እየሰማ ላደገ ልጅ፣ ምርቃት በሚጠበቅበት ሰዓት ምርቃት መነፈግና መሰደብ ከርግማን ብዙ አይርቅም። በቤቱ አንድ ነገር በጎደለ ቁጥር ያ ሰዓት ትዝ ይለዋል፤ ሥራ ቢጠፋ፣ ልጅ ቢዘገይ፣ «እናቴ ሳትመርቀኝ ነው» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ «ይቅር በለኝ» ማለት ብቻውን አይበቃውም ነበር። የተያዘው ምርቃት መለቀቅ፣ ክፉው ቃልም በተናገረው አፍ መሻር ነበረበት።

ሁለተኛው ነገር ሽማግሌዎቹ ናቸው። በስውር የተበደለ ሰው በስውር ይቅርታ ቢጠየቅ ይበቃው ይሆናል፤ በዳስ ውስጥ የተዋረደች ሙሽራ ግን ክብሯ የሚመለሰው ስድቡን የሰሙት ሰዎች ይቅርታውንም ሲሰሙ ነው። በዚህ ላይ የሙሽራይቱ እናት በሰው ቤት እንጀራ እየጋገሩ ልጅ ማሳደጋቸው የሚያስከብር እንጂ የሚያሳፍር አልነበረም። ይህን በግልጽ መናገር የእናቲቱ ድርሻ ነው፤ ልጁ ቢናገረው ለሚስቱ ያደላ ይመስላልና።

አንዳንዶች «እናት በልጇ ምርጫ ማዘን አትችልም ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ትችላለች። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 26 እንደተጻፈው የዔሳው ሚስቶች ይስሐቅንና ርብቃን አሳዝነዋቸዋል፤ ርብቃም በምዕራፍ 27 ምሬቷን ሳትደብቅ ተናግራለች፤ የተናገረችው ግን ለባሏ ለይስሐቅ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የእኛዋ እናት ቅሬታ ሽማግሌ በተላከ ጊዜ ቢነገር ኖሮ ቢያንስ መልስ ያገኝ ነበር። የቅሬታው ምክንያት የሙሽራይቱ ወገን ድህነት ስለነበር ግን እዚያም ቢሆን የሚያስኬድ አልነበረም።

ልጁ ደብዳቤው ከደረሰው በኋላ ጥቂት ሳምንታት ዝም ብሎ ቆየ፤ ከዚያ ከሚስቱ ጋር መጥተው ጉልበት ስመው ተመረቁ። የሚስቱ እናት ሽማግሌዎቹን ቡና አፍልተው ተቀብለው ይቅርታውንም ሰምተዋል፤ እስከ ዛሬ ግን የእናቲቱን ቤት አልረገጡም። እናቲቱ ልጃቸው እንዲያግባባቸው ሊጠይቁት ፈልገው ነበርና አባ ከለከሏቸው፦ «በዓል ሲመጣ አንቺው ሂጂና ጠይቂያቸው፤ ለምን አልመጡም ብለሽ ግን በልጅሽ በኩል አትላኪ።»