ተውላጠ ስም በአማርኛ ግጥም፦ አንባቢን ማስጠጋትና ማራቅ

በአማርኛ ግጥም «እኔ»፣ «አንተ» እና «እኛ» ራሳቸውን ችለው የሚጻፉት አልፎ አልፎ ነው። ግሱ ባለቤቱን በመነሻው ወይም በመድረሻው ስለሚናገር፣ ማን ለማን እንደሚናገር ከአንድ ፊደል ይታወቃል። ብዙ ቋንቋዎች በሁለት ቃል የሚሉትን አማርኛ በአንድ ቃል ይጨርሳል፤ ለገጣሚ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው።

ለማሳያ የተዘጋጁትን እነዚህን ሁለት ስንኞች እንመልከት፦

መስኮቱን ከፍተህ መንገዱን አየህ፣
የሄደውን ሁሉ በስሙ ጠራህ።

እዚህ ወንድ አንባቢ በቀጥታ ይጠራል። ሴት አንባቢ ግን «ህ» ላይ ስትደርስ ግጥሙ ለሌላ ሰው እንደተላከ ይሰማታል፤ ከተጠሪነት ወደ አድማጭነት ትወርዳለች። «ከፍተሽ፣ አየሽ፣ ጠራሽ» ሲባል ተራው ይገለበጣል፤ ርዝመቱ አይለወጥም፣ ቤት መምቻው ግን ከ«ህ» ወደ «ሽ» ይሄዳል። በ«እናንተ» ጾታው ይጠፋል፤ ሆኖም «አያችሁ» ስንኙን ከማስረዘሙም በላይ አንባቢውን ከሕዝብ መሃል ያቆመዋል። «እርስዎ» ከሁሉ አስቸጋሪው ነው፦ «አዩ» እና «ጠሩ» የ«እነሱ»ም ግሶች ስለሆኑ፣ ተውላጠ ስሙ ካልተጻፈ አክብሮቱ አይታይም፤ ወሬው ስለ ሌሎች ሰዎች ይመስላል።

ወደ «እኔ» ስንመልሰው «አየሁ፣ ጠራሁ» ይሆናል። «አየህ» ሲነበብ በሁለት የድምፅ ቀለም ያልቃል፣ «አየሁ» ሦስት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ምጣኔው ይላላል። አንባቢውም ከመስኮቱ ይነሳና ሌላ ሰው ሲያይ ያያል። ይህ ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም፤ ምስጢር ወይም ኀፍረት የሚነገር ከሆነ ርቀቱ ያስፈልጋል።

«አንተ» የሚከሽፈው በአብዛኛው በዝርዝር ነው። መስኮትና መንገድ የማንም ናቸው። «ወንድምህ የተወልህን ካፖርት ለብሰህ» ሲባል ግን ወንድም የሌለው አንባቢ ወዲያው ይወጣል፤ ገጣሚው ከራሱ ጋር እንደሚነጋገር ይገባዋል። ሌላው ችግር ስንኙ ሁሉ በ«ህ» ማለቁ ነው። ቤቱ ያለ ድካም ይመታል፣ ጆሮም ከሦስትና ከአራት ስንኝ በኋላ ይሰለቻል። መፍትሔው ግሱን ወደ መሃል አስገብቶ በስም መጨረስ ነው፦ «ከፍተህ አየህ በመስኮቱ»።

«እኛ» አንባቢውን ይጨምር አይጨምር ቅርጹ አይነግርም። «ከፍተን አየን» ብቻውን ሲቆም አንባቢው ራሱን ይቆጥራል። ከታች «እናንተ ግን ተኛችሁ» ከመጣ ግን በሩ ይዘጋበታል፤ ቀድሞ ያነበበውን «እኛ»ም ከደጅ ሆኖ ያነበዋል። መዝጋቱ ካልታሰበ «እናንተ» በ«እነሱ» ይተካል፣ ወይም «ሁላችን» ከላይ ይገባል። ስብከት የሚመስል «እኛ»ን ለመለየት በ«እኔ» ተክቶ ማንበብ ይበቃል፦ «ረሳን» የሚለው «ረሳሁ» ሲሆን ገጣሚው የሚያፍርበት ከሆነ፣ ወቀሳውን ለሌሎች አሸክሞ ነበር ማለት ነው።