የሆሄ ማሻሻያ ምንድን ነው? ከጃፓን ካና እስከ ሞክሼ ፊደላት

የሆሄ ማሻሻያ ማለት የአንድ ቋንቋ ቃላት የሚጻፉበትን ደንብ ሆን ብሎ መለወጥ ነው። አንዳንዴ ፊደል ይቀነሳል፣ አንዳንዴ ይጨመራል። ብዙ ጊዜ ግን ፊደሉ እንዳለ ሆኖ የቃላቱ አጻጻፍ ብቻ ይቀየራል።

ምክንያቱ ሁልጊዜ አንድ ነው ማለት ይቻላል። የሰው አፍ ይለወጣል፣ ጽሑፍ ግን ባለበት ይቀራል። እንደ ግዕዝ ፊደል ወይም እንደ ጃፓን ካና አንዱ ምልክት አንድ ሙሉ ቀለም (ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ) በሚይዝበት ሥርዓት፣ ይህ ልዩነት ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባል። እያንዳንዱ ምልክት የራሱ ስምና ድምፅ አለው፤ ልጁም ፊደሉን የሚቆጥረው በዚያው ድምፅ ነው። የቆጠረውና የሚያነበው ካልገጠመ ግራ ይጋባል።

ጃፓንን እንይ። እስከ እ.ኤ.አ. 1946 ድረስ የካና አጻጻፍ የሚከተለው የዛሬ ሺህ ዓመት ገደማ የነበረውን አነጋገር ነበር። «ዛሬ» የሚለው ቃል «ኬፉ» ተብሎ ይጻፋል፣ ሲነበብ ግን «ክዮ» ነው። ቢራቢሮ «ቴፉቴፉ» ተብላ ትጻፋለች፣ ስትነበብ «ቾቾ» ናት። ልጁ ፊደሉን በሙሉ ቆጥሮ ጨርሶ እንኳ «ዛሬ»ን ማንበብ አይችልም ማለት ነው። እያንዳንዱን ቃል ለብቻው መሸምደድ ነበረበት።

መጀመሪያ የተሞከረው ማሻሻያ ከሸፈ። በ1900 ትምህርት ቤቶች ከቻይንኛ የተወረሱ ቃላትን ረጅም አናባቢ በሰረዝ እንዲጽፉ ተደረገ፤ የአገሬው ቃላት ግን በአሮጌው ደንብ ቀጠሉ። እንግዲህ ልጁ ከመጻፉ በፊት የቃሉን ዘር ማንዘር ማወቅ አለበት። ተቃውሞው በዛና ደንቡ በ1908 ተሻረ። በድምፅ ልጻፍ ብሎ ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ደንብ ከአሮጌውም ሊከፋ ይችላል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ኅዳር 1946፣ መንግሥት አዲሱን ደንብ አወጀ። ዋናው ሐሳብ ቀላል ነው፦ እንደምትናገረው ጻፍ። ድምፃቸው ከሌሎች ጋር የተቀላቀለ ሁለት ምልክቶች («ዊ» እና «ዌ») ከዕለት ጽሑፍ ወጡ። «ኬፉ» እንደ ድምፁ «ክዮ» ሆነ። ልጁ ተገላገለ።

ነገሩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን «መግዛት» የሚለውን ግስ ተመልከቱ። በአሮጌው አጻጻፍ እርባታው «ካሃናይ፣ ካሂማስ፣ ካፉ፣ ካሄ» እያለ ይሄዳል። ሁሉም ከአንድ የፊደል ቤት ናቸው፤ የካናው የ«ሃ» ቤት «ሃ፣ ሂ፣ ፉ፣ ሄ፣ ሆ» ተብሎ ይቆጠራልና። በአዲሱ ግን «ካዋናይ፣ ካኢማስ፣ ካኡ፣ ካኤ» ሆነ። የመጀመሪያው ከ«ዋ» ቤት መጣ፣ የቀሩት አናባቢ ብቻ ናቸው። ድምፁ በትክክል ተጻፈ፣ የግሱ ቤተሰብነት ግን ከዓይን ተሰወረ። የማሻሻያ ክርክር ሁሉ የሚያጠነጥነው እዚህ ላይ ነው። ጽሑፍ የሚያሳየው አፍ የሚለውን ነው ወይስ የቃሉን ሥር? ሁለቱንም እኩል ማሳየት አይቻልም።

የጃፓን ደንብ አውጪዎችም መጨረሻ ድረስ አልሄዱም። «ዋ» ተብሎ የሚነበበው ትንሽ የሰዋስው ቃል እስከ ዛሬ የሚጻፈው በ«ሃ» ነው፤ «ኤ» የሚባለው በ«ሄ»፣ «ኦ» የሚባለው በ«ዎ» ይጻፋል። በየገጹ የሚመላለሱ ስለሆኑ ቢለወጡ አንባቢው ይደናገራል ተብሎ ተተዉ። ሌላም አለ። ረጅሙ «ኦ» በአብዛኛው «ኡ» በማከል ይጻፋል፤ «ሩቅ» የሚለው ቃል ግን «ቶኦይ» ነው፣ ምክንያቱም ድሮ «ቶሆይ» ተብሎ ይጻፍ ነበር። አሮጌውን አጻጻፍ በዓይኑ ያላየ ልጅ ይህን በምን ያውቃል? ይሸመድዳል እንጂ። «እንዴት ዋልክ» የሚለው ሰላምታም መጨረሻው ላይ ያው በ«ሃ» የሚጻፈው «ዋ» ስላለ፣ ብዙ ሰው ዛሬም ይሳሳትበታል።

ማሻሻያው የማንበብ ችሎታን ምን ያህል ጨመረ ለሚለው በቁጥር መልስ መስጠት ከባድ ነው። በዚያው ቀን ካንጂ ከሚባሉት ከቻይና የተወረሱ ምልክቶች 1,850 የያዘ ዝርዝርም ታውጇል፤ የአንዱን ውጤት ከሌላው መለየት አይቻልም። ደግሞም አብዛኛው የአዋቂ ጽሑፍ ቃላቱን በካንጂ ስለሚጽፍ፣ ለውጡ ጎልቶ የታየው በልጆች መጽሐፍና በግሶች መድረሻ ላይ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ፊደል እንምጣ። «ሀ፣ ሐ፣ ኀ»፣ «ሰ፣ ሠ»፣ «አ፣ ዐ»፣ «ጸ፣ ፀ» በግዕዝ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። በአማርኛ አንድ ስለሆኑ ሞክሼ እንላቸዋለን። በዚያ ላይ «ሀ» እና «ሃ»ም በድምፅ አንድ ናቸው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ድምፁን ሳይለቅ በ12 መንገድ መጻፍ ይቻላል፤ መጀመሪያው ሁለት ምርጫ አለው፣ መካከሉ ስድስት።

ይቀነሱ ቢባል ምን ይጠፋል? «ምሥራቅ» በንጉሡ «ሠ» ሲጻፍ ከፀሐይ መውጣት፣ ከ«ሠረቀ» ጋር ዝምድናው ይታያል። በ«ስ» ሲጻፍ ከሌባው «ሰረቀ» ጋር ይመሳሰላል። «ሥዕል» እና «ስእለት»ም እንዲሁ ሥራቸው ለየቅል ነው። እውነቱን ለመናገር ግን በዚህ ምክንያት ዓረፍተ ነገር የሚምታታበት አንባቢ እምብዛም የለም። የሚጎዳው ግዕዝ የሚያነብና የቃል ሥር የሚከታተል ሰው ነው። ትግርኛ ደግሞ «ሐ» እና «ዐ»ን ዛሬም ለይቶ ይናገራቸዋል፤ ስለዚህ ጥያቄው የአማርኛ አጻጻፍ እንጂ የፊደል ገበታው አይደለም።

ዋናው ችግር ወጥነት ነው። ኮምፒውተር 12ቱን «ፀሐይ» 12 የተለያዩ ቃላት አድርጎ ያያቸዋል። አንዱን ስትፈልግ ሌላው አይመጣልህም። ለዚህ ግን ፊደል መቀነስ ግድ አይደለም። ፕሮግራሙ ሲፈልግ ብቻ ሞክሼዎቹን እንደ አንድ እንዲቆጥር ማድረግ ይቻላል፣ ጽሑፉ እንደተጻፈ ይቆያል። ዋጋው፣ «ሥዕል» ስትፈልግ «ስእል» ያለበት ሁሉ አብሮ መምጣቱ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ሞክሼ የጸሐፊ ችግር ነው፤ አንባቢ በየትኛውም ቢጻፍ ያነበዋል። የአንባቢው ችግር መጥበቅና መላላት ነው። «ይበላል» እሱ ነው የሚበላው ወይስ ምግቡ ነው የሚበላው? «በ» እና «ላ» ከጠበቁ ምግቡ ነው፤ ጽሑፉ ግን አይነግርህም። «ይጠብቃል» የሚለው ቃል ራሱ «ብ» ሲጠብቅ የሚጠባበቅ ሰው ነው፣ ሲላላ የሚጠብቅ ገመድ። ሳድስም እንዲሁ ነው፤ አንዳንዴ አናባቢ አለው፣ አንዳንዴ የለውም። ሞክሼዎቹን በሙሉ ብናስወግድ ከዚህ አንዱም አይቃለልም።

የማጥበቂያ ምልክት የለም እንዳይባል አለ። ከፊደሉ ራስ ላይ የሚቀመጡ ሁለት ነጥቦች ናቸው፣ በዩኒኮድም `U+135F` የሚል ቦታ ተሰጥቷቸዋል። በዕለት ጽሑፍ ግን አይታዩም፤ ቋንቋውን የሚያውቅ አንባቢ ከዐውዱ ስለሚረዳው አያስፈልጉትም። የሚያስፈልጉት ለጀማሪው ነው። ጃፓኖች በልጆች መጽሐፍ ላይ ከካንጂው አጠገብ ንባቡን በትንንሽ ካና ይጽፋሉ፣ ልጁ ሲያድግ ይቀርለታል። ነጥቦቹም በመጀመሪያ ደረጃ መጻሕፍት ላይ ብቻ ቢገቡ የማንንም ሥርዓተ ጽሕፈት አይነኩም።